ከሞላ ሰሌዳ ወደ አንድ ገጽ

ከ1 የሚበልጥ ማንኛውንም ሙሉ ቁጥር ውሰዱ። በዚያ ቁጥርና በእጥፉ መካከል ቢያንስ አንድ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር፣ ይገኛል። በ10 እና በ20 መካከል 11፣ 13፣ 17 እና 19 አሉ። በ1,000 እና በ2,000 መካከልም ብዙ አሉ። ነገር ግን ብቸኛ ቁጥሮች ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየሳሱ ስለሚሄዱ፣ የሆነ ቦታ ላይ ከአንድ ቁጥር እስከ እጥፉ ባዶ ሆኖ እንደማይገኝ በምን እናውቃለን?

ይህን በግምት መልክ ያቀረበው ፈረንሳዊው ጆሴፍ በርትራንድ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1845 ሲሆን እስከ 3 ሚሊዮን ድረስ ፈትሾት ነበር። ሩሲያዊው ፓፍኑቲ ቼቢሼቭ በ1852 ማረጋገጫውን አሳተመ። በ1932 ደግሞ ፖል ኤርዲሽ የተባለ ገና የ19 ዓመት የሃንጋሪ ወጣት ከሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ብዙም የማይርቅ ማረጋገጫ አወጣለት። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የቁጥር ቲዎሪ ክፍል የሚሰጠው ይኸኛው ነው። መሣሪያዎቹ ቀላል ሆነው ሳለ ማረጋገጫው በጣም የታመቀ ስለሆነ፣ አንድን ሌክቸር ወደ አስተዋጽኦ እንዴት መቀየር እንደሚቻል ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ክፍል ውስጥ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። መምህሩ ገብቶ የቲዎረሙን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ከዚያ በቀጥታ «ሌማ 1» ብሎ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት አንድ የማነጻጸሪያ ቀመር ያስቀምጣል፤ ለምን እንደመጣ አይናገርም። ሌማ ማለት ለዋናው ቲዎረም መወጣጫ እንዲሆን አስቀድሞ የሚረጋገጥ ረዳት ሐሳብ ነው። ሌማ 2 ይከተላል፤ በውስጡ ፋክቶሪያሎች አሉ። ሰሌዳው ይሞላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞላል። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይሰባሰቡና «ይህ ከ4000 ጀምሮ ሐሰት ነው፤ ስለዚህ ተረጋግጧል» ተብሎ ክፍሉ ያበቃል። ተማሪው ሁሉንም ገልብጧል፤ እያንዳንዱ መስመር ከበፊቱ መስመር እንዴት እንደወጣም ሊከታተል ይችላል። ማታ ደብተሩን ሲገልጥ ግን ማረጋገጫው ስለ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር አይችልም።

ምክንያቱ ሰሌዳው የሚከተለው ቅደም ተከተል ነው። ማረጋገጫ የሚጻፈው እያንዳንዱ እርምጃ ከላዩ ባለው ላይ እንዲቆም ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው መጨረሻ ላይ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ሐሳቡ የተወለደበት ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። አስተዋጽኦ የሚሠራ ሰው ደብተሩን ከመጨረሻው ገጽ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው። የመጨረሻውን መስመር ይዞ «ይህ እውነት እንዲሆን ምን ምን ያስፈልገዋል?» እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል።

በእኛ ምሳሌ የመጨረሻው መስመር ይህ ነው፦

4^n / (2n) ≤ (2n)^√(2n) · 4^(2n/3)

አስፈሪ ቢመስልም ቅርጹ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በግራ በኩል የአንድ ነገር ወለል አለ፤ በቀኝ በኩል የዚያው ነገር ጣሪያ አለ። ግራው እንደ 4^n ያድጋል። በቀኙ ውስጥ በፍጥነት የሚያድገው ክፍል 4^(2n/3) ነው፤ እሱ ደግሞ ከ4^n በጣም ያነሰ ነው። እንግዲህ n ሲተልቅ ወለሉ ከጣሪያው በላይ ይወጣል፣ ይህም ሊሆን አይችልም። ተቃርኖው ይኼ ነው። ጥያቄው ወለልና ጣሪያ የተበጀለት ነገር ምንድን ነው የሚለው ይሆናል።

ያ ነገር አንድ ቁጥር ነው፤ C(2n, n) ተብሎ ይጻፋል። ከ2n ሰዎች መካከል n ሰዎችን ለመምረጥ ስንት መንገድ እንዳለ ይቆጥራል፤ ቀመሩም (2n)! ለ n! ሁለት ጊዜ ሲካፈል ነው። n = 10 ብንል ከ20 ሰዎች 10 የመምረጫው መንገድ 184,756 ነው። ይህን ቁጥር ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ ስንበትነው ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነገር ይወጣል፦

184,756 = 2² · 11 · 13 · 17 · 19

በ10 እና በ20 መካከል ያሉት አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች እዚህ አሉ። ከ10 በታች ካሉት ግን 3፣ 5 እና 7 ፈጽሞ የሉም፤ 2 ብቻ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሏል። የቁጥሩ ትልቅነት ከሞላ ጎደል የመጣው ከላይኞቹ ነው። የማረጋገጫው ዋና ሐሳብ በሙሉ እዚህ ላይ ይታያል። በ n እና በ 2n መካከል ብቸኛ ቁጥር ባይኖር ኖሮ፣ C(2n, n) ከትናንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ መገንባት ነበረበት፤ እነሱ ደግሞ ያን ያህል ትልቅ ቁጥር ሊሠሩ አይችሉም። አስተዋጽኦው ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። በሰሌዳው ላይ ግን የትም አልተጻፈም፤ መምህሩ በቃል ብሎት ከሆነም ተማሪዎች ሰሌዳውን ሲገለብጡ አምልጧቸዋል።

ዋናው ሐሳብ ከተገኘ በኋላ ሌማዎቹ እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ፤ «ይህ ለወለሉ ነው ወይስ ለጣሪያው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ለወለሉ የሚያገለግለው አንድ ብቻ ነው፤ በፍጥነት እናልፈዋለን። በፓስካል ሦስት ማዕዘን 20ኛው ረድፍ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 4^10፣ ማለትም 1,048,576 ይሆናሉ። ጫፍና ጫፍ ያሉትን ሁለት 1ዎች እንደ አንድ ከቆጠርናቸው ተደማሪዎቹ 20 ናቸው። ከመካከላቸው ትልቁ፣ እሱም መካከለኛው C(20, 10)፣ ከአማካዩ ሊያንስ አይችልም፤ አማካዩ ደግሞ 52,428 ገደማ ነው። ለማንኛውም n ሲጻፍ 4^n / (2n) የሚለው ግራው ጎን ይሆናል።

ጣሪያው ሦስት ሌማዎች ይጠይቃል። አንደኛው አንድ ብቸኛ ቁጥር C(2n, n) ውስጥ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ይገድባል፦ p በተደጋገመበት ልክ ከራሱ ጋር ሲባዛ የሚመጣው ውጤት ከ2n አይበልጥም። ለ n = 10 ሲሆን 2 ሁለት ጊዜ መጥቶ 4 ሆነ፤ 4 ደግሞ ከ20 ያንሳል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። ከ √(2n) የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ቢበዛ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ጊዜ ቢመጣ ካሬው ከ2n ይበልጥ ነበርና።

ሁለተኛው ሌማ የኤርዲሽ ማረጋገጫ ልብ ነው፤ እሱ ላይ ረጋ ማለት ይገባል። ከ 2n/3 በላይ ሆነው ከ n የማይበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች C(2n, n) ውስጥ ጭራሽ አይገኙም ይላል። ለ n = 10 ይህ ማለት ከ6.67 በላይና እስከ 10 ድረስ ያለው ብቸኛ ቁጥር፣ እሱም 7፣ የለም ማለት ነው፤ ቀደም ብለን እንዳየነውም የለም። ለምን? 20! ውስጥ 7 የሚያካፍላቸው 7 እና 14 ብቻ ናቸው፤ 21 ከአጥሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ከላይ ሁለት 7ዎች አሉ። ከታች ደግሞ 10! ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ እያንዳንዱም አንድ 7 ይዟል። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፤ ይሰራረዛሉ። በዚያ ክልል ውስጥ ላለ ለማንኛውም p ነገሩ ይኸው ነው፦ p እና 2p ይገባሉ፣ 3p ግን ከ2n ያልፋል። በሰሌዳው ላይ ይህ ሌማ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ተማሪው እንደ አነስተኛ ዝርዝር የሚያልፈውም ለዚህ ነው። አንድ ሌማ የያዘው ቦታ ብዛት ከክብደቱ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው እዚህ በግልጽ ይታያል።

ሦስተኛው ሌማ እስከ x ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሲባዙ ውጤቱ ከ 4^x ያንሳል ይላል። በሰሌዳው ላይ ረጅሙ ይህ ነው፤ ኢንዳክሽን አለበት፣ ቁጥሩ ሙሉና ጎደሎ ሲሆን ተለያይቶ ይታያል። ለአስተዋጽኦ የሚያስፈልገው ግን የማረጋገጫው መያዣ ብቻ ነው፦ C(2m+1, m) ከ4^m አይበልጥም፣ በ m+2 እና በ 2m+1 መካከል ያሉትንም ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ይይዛል፤ ከ m+1 በታች ያሉትን ደግሞ ኢንዳክሽኑ ይሸፍናቸዋል። m = 5 ብላችሁ ብትሞክሩት C(11, 5) = 462 = 2 · 3 · 7 · 11 ይሆናል። 7 እና 11 በውስጡ አሉ፣ 462ም ከ1,024 ያንሳል። ይህቺ አንዲት መስመር ካለች የቀረውን ማንም በትዕግሥት ሊያወጣው ይችላል።

አሁን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ይመስላል፦

ቲዎረም፦ n ከ1 ሲበልጥ በ n እና በ 2n መካከል ብቸኛ ቁጥር አለ።

ዋና ሐሳብ፦ C(2n, n) ትልቅ ነው። በመካከሉ ብቸኛ ቁጥር ከሌለ ግን ትልቅ ለመሆን በቂ አካፋይ አያገኝም።

ወለል (ሀ)፦ C(2n, n) ≥ 4^n / (2n)። መያዣ፦ የረድፉ ትልቁ ቁጥር ከአማካዩ አያንስም።

ጣሪያ (ለ)፦ የእያንዳንዱ p ድርሻ ከ2n አይበልጥም፤ p > √(2n) ከሆነ ቢበዛ አንድ ጊዜ ይመጣል። መያዣ፦ በፋክቶሪያሎቹ ውስጥ የ p ብዜቶች ቆጠራ።

ጣሪያ (ሐ)፦ 2n/3 < p ≤ n ከሆነ p የለም (n ≥ 3 ሲሆን)። መያዣ፦ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት።

ጣሪያ (መ)፦ እስከ x ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ከ 4^x ያንሳል። መያዣ፦ C(2m+1, m)።

ማገጣጠሚያ፦ በ n እና በ 2n መካከል ብቸኛ ቁጥር የለም እንበል። በ(ሐ) ምክንያት የሚቀሩት እስከ 2n/3 ያሉት ብቻ ናቸው። ከ √(2n) በታች ያሉት በ(ለ) ቢበዛ (2n)^√(2n) ያዋጣሉ፤ የቀሩት በ(ለ) እና በ(መ) ቢበዛ 4^(2n/3) ያዋጣሉ። ከ(ሀ) ጋር ሲነጻጸር n ትልቅ ሲሆን ተቃርኖ።

ትናንሾቹ n፦ በእጅ።

ይህ ገጽ ማረጋገጫ አይደለም፤ ስህተት ያለበት ማረጋገጫም ይህን የመሰለ ያማረ ገጽ ሊወጣው ይችላል። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ጥያቄ ለመጠየቅ ያመቻል። እኔ ትልቁ ጥያቄ ነው የምለው «ይህን ሌማ ባወጣው ምን ይሆናል?» የሚለውን ነው። (ሐ)ን አውጡት። የሚቀሩት ብቸኛ ቁጥሮች እስከ n ያሉት ሁሉ ይሆናሉ፤ ጣሪያው 4^(2n/3) መሆኑ ቀርቶ 4^n ይሆናል። ወለሉ ከ4^n ያነሰ ነውና ተቃርኖው ወዲያው ይጠፋል። ያ ባለሁለት መስመር ሌማ ሙሉ ማረጋገጫውን ተሸክሞ ኖሯል ማለት ነው። (ሀ)ን በቀላሉ በሚገኘው C(2n, n) ≥ 2^n ተኩት፤ 2^n ማለት 4^(n/2) ስለሆነ ከ 4^(2n/3) ያንሳል፣ ምንም አይጋጭም። (ለ)ን ባወጣን ጊዜ ደግሞ አንድ ትንሽ ብቸኛ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚገድብ ነገር አይኖርም። እንዲህ እየፈተሹ መሄድ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደገባ ያሳያል። አንድን ሌማ አውጥታችሁ ምንም ካልፈረሰ፣ ወይ ሌማው ትርፍ ነው፣ ወይ ደግሞ የተጠቀማችሁበትን ቦታ አስተዋጽኦው ላይ አልጻፋችሁትም። የሁለተኛው ዕድል በጣም ይሰፋል።

በተመሳሳይ መንገድ «በመካከሉ ብቸኛ ቁጥር የለም» የሚለውን ግምት ፈልጉት። ከ(ሀ) እስከ (መ) ባለው ውስጥ የለም፤ አራቱም ለሁሉም እውነት ናቸው። ግምቱ የሚገባው ማገጣጠሚያው ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ የተማሪ ማስታወሻዎች ላይ ግን «በተቃርኖ እናረጋግጥ» የሚለው ከላይ ተጽፎ ሌማዎቹ ሁሉ በግምቱ ሥር የተቀመጡ ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ማስታወሻ የያዘ ሰው ሌማ (መ)ን ለሌላ ጥያቄ በነፃነት ሊጠቀምበት እንደሚችል አያውቅም፤ ሌማው በሐሰት ግምት ላይ የቆመ መስሎ ይታየዋልና።

ሌላው ተማሪዎችን የሚያደናግረው የቁጥሮቹ ነገር ነው። በሌክቸሩ ውስጥ 2/3 አለ፣ 4000ም አለ። ሁለቱም በሰሌዳው ላይ እኩል ክብር ተሰጥቷቸው ተጽፈዋል፤ ተፈጥሯቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነው። 2/3 የመጣው 3p ከ2n ማለፍ ስላለበት ነው፤ ሊለወጥ አይችልም፣ ከዋናው ሐሳብም አይነጠልም። 4000 ግን በእጅ ሲገመት ስሌቱ እንዳያስቸግር የተመረጠ ምቹ ቁጥር ነው። መጨረሻ ያገኘነውን መስመር አቃልለን 4^(n/3) ≤ (2n)^(1+√(2n)) ብለን n = 500 ብናስገባ፣ ግራው 101 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሆናል፣ ቀኙ ደግሞ 98 አሃዝ ያለው። ተቃርኖው እዚያም አለ፣ ከዚያ ወዲያም ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። n = 100 ሲሆን ግን ግራው 21 አሃዝ፣ ቀኙ 35 አሃዝ ነው፤ ምንም አይጋጭም። ስለዚህ ትናንሾቹን በእጅ መፈተሽ ግዴታ ነው፤ ያም ቢሆን እያንዳንዱን n መሞከር አያስፈልግም። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 23፣ 43፣ 83፣ 163፣ 317፣ 631 የሚለው ሰንሰለት ይበቃል፦ ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፣ እያንዳንዱም ከበፊቱ እጥፍ ያንሳል፤ እስከ 500 ድረስ የትኛውም n አንዱን ያገኛል። አስተዋጽኦው ላይ 2/3ን ማስመር፣ 4000 አጠገብ ደግሞ «ለምቾት» ብሎ መጻፍ ይህን ልዩነት ይጠብቃል።

መምህሩ «ግልጽ ነው» ያለበት ቦታም በአስተዋጽኦው ላይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። በዚህ ማረጋገጫ ውስጥ ያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ (ለ) ነው። p በ (2n)! ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለ ለማወቅ የ p ብዜቶችን፣ ከዚያ የ p²ን፣ ከዚያ የ p³ን እያልን እንቆጥራለን። በየደረጃው እስከ 2n ያለው ቆጠራ እስከ n ካለው ቆጠራ እጥፍ ጋር ወይ እኩል ነው፣ ወይ በ1 ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረጃ ቢበዛ አንድ p ያስቀራል፤ የ p ርቢ ከ2n ካለፈ በኋላ ደግሞ የሚቆጠር ነገር የለም። የሚገርመው (ሐ)ም የዚሁ ቆጠራ አንድ ልዩ ሁኔታ መሆኑ ነው፦ የመጀመሪያው ደረጃ ልዩነቱ 0 የሆነበት። ሁለቱን ሌማዎች በሰሌዳው ላይ የሚያያይዝ ነገር አልነበረም፤ አስተዋጽኦው ላይ ግን መያዣዎቻቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዝምድናቸው ይታያል።

ገጹ ጥሩ መሆኑን የምናውቀው አዲስ ጥያቄ ስናመጣበት ነው። በ 2n እና በ 3n መካከልስ ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥር አለ? ደብተሩን ሳንገልጥ አስተዋጽኦውን እየተከተልን እንሞክር። C(2n, n) በ C(3n, 2n) ይተካል፤ እሱ የሚያድገው እንደ 6.75^n ነው፤ ወለሉ ይህ ይሆናል። (ለ) እና (መ) ሳይነኩ ይቆያሉ። በ(ሐ) ፈንታ ደግሞ በ 3n/2 እና በ 2n መካከል ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ይሰረዛሉ፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች። እንግዲህ የሚቀሩት እስከ 3n/2 ያሉት ናቸው፤ ጣሪያውም 4^(3n/2) ይሆናል፣ ማለትም 8^n። 8^n ከ 6.75^n ይበልጣል፤ ተቃርኖ የለም። ማረጋገጫው ከሸፈ፤ የከሸፈበትም መስመር በጣት የሚጠቆም ነው፦ (ሐ) የሰረዘው አልበቃም። ከ 3n/2 በታች ሌሎች የሚሰረዙ መኖራቸውን በዚያው ቆጠራ መፈለግ ይቻላል። ለምሳሌ ከ 3n/4 በላይ እስከ n ያሉት ሁሉ፣ ከላይ ሦስት፣ ከታች ሁለትና አንድ ሆነው ይጠፋሉ። እሱም ብቻውን ስለማይበቃ ቆጠራው ከዚያም ዝቅ ብሎ መቀጠል ይኖርበታል። ኤል ባሽራዊ የተባለ የሂሳብ ሰው በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ በ 2n እና በ 3n መካከል ብቸኛ ቁጥር እንዳለ ያረጋገጠው ይህንኑ የኤርዲሽን መንገድ ይዞ ነው።